የ48 ሺህ ብር ዕቅድ

ዛሬ የመጪውን ዓመት የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ ረቂቅ ጨረስን። ድጎማውና የውስጥ ገቢው ተደምሮ 48 ሺህ ብር ነው። ከየክፍሉ የመጣው ጥያቄ ግን የዚህ ሦስት እጥፍ ሆነ። አንዳንድ መምህራን ለአራቱም ርዕሰ ጉዳዮች፣ ማለትም ለመማር ማስተማር፣ ለምቹ የትምህርት አካባቢ፣ ለአመራርና ለኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ ገንዘቡ እኩል ይከፈል አሉ። አልተስማማሁም። ገንዘቡ ግለ ግምገማው ወዳሳየው ችግር ካልሄደ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰውና የሚለወጥ ነገር አይኖርም።

ችግሩ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከ74 የሁለተኛ ክፍል ልጆች 31ዱ አንድ መስመር ማንበብ አልቻሉም። ክፍሉ ገብቼ ሳይ ከኋላ ያሉት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አንዲት ልጅ ስትጽፍ ደብተሩ እየታጠፈባት ፊደሏ ሁሉ ከመስመር ይወጣል። ደህና ደህናውን ዴስክ ለትልልቆቹ ስለምንሰጥ ለትንንሾቹ የሚተርፈው ስብርባሪው ነው።

በዚህ ብር አዲስ ዴስክ ቢገዛ ዐሥር ቢሆን ነው። ስለዚህ 40 የተሰበሩ ዴስኮችን ለመጠገን ወሰንን። ለአንዱ በአማካይ 600 ብር፣ በድምሩ 24 ሺህ ይሆናል። የተጠገነው መጀመሪያ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል እንዲሰጥ በመለኪያው ዓምድ ላይ ጻፍነው፤ ካልተጻፈ ተመልሶ ወደ ላይኛው ክፍል ይሄዳል።

ብዙ ያከራከረን ደረሰኝ ነው። የሰፈሩ አናጢ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ ደረሰኝ ግን የለውም፤ ሙሉ ሥራውን ለእሱ ብንሰጥ ወጪው በኦዲት አይያዝልንም። ጣውላና ሚስማሩን በሦስት ፕሮፎርማ አወዳድረን ደረሰኝ ካለው ነጋዴ እንገዛለን፤ የእጁን ዋጋ ግን በቀን ሠራተኛ መክፈያ ቅጽ አስፈርመን እንከፍላለን። ይህን ለወረዳው ፋይናንስ አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ብሩ ከወጣ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ወላጆች የባሕር ዛፍ እንጨት እንሰጣለን ብለዋል። በክረምት የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ እንጨቱ በበጋ ተቆርጦ ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ፣ ጥገናው በሐምሌ እንዲሆን አደረግን። የእንጨቱ ግምት በብር ተሰልቶ «ከኅብረተሰብ» በሚለው ምንጭ ሥር ገባ።

ከቀረው 9 ሺህ ለጠመኔ፣ 8 ሺህ ለፈተና ወረቀትና ማባዣ፣ 5 ሺህ ለፊደል ገበታና ለንባብ ካርድ ካርቶንና ማርከር ሆነ። 2 ሺህ ዋጋ ቢጨምር ብለን ያዝን። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሰጠው የ20 ደቂቃ ንባብ ብር አይጠይቅም፤ ቢሆንም ፈጻሚና ጊዜ ተሰጥቶት በዕቅዱ ገብቷል፤ ልጆቹም በየሁለት ወሩ አንድ በአንድ ይፈተናሉ።

እሑድ ረቂቁ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይቀርባል። የአጥሩ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ከብት ግቢውን ስለሚያበላሽ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጉልበትና በእሾህ እንጠረው እላለሁ፤ ከዴስኩ ብር ግን እንዲነካ አልፈቅድም።