መቶ በመቶ ደርሶ የሚከሽፍ ፋይል

የጨረታ ሰነድ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነው። 46 ገጽ ያለው የቴክኒክ ሰነድ በአንድ ፒዲኤፍ ተጠቃሏል፤ መጠኑ 94 ሜጋባይት። በመቀበያው ድረ ገጽ ሲጫን መስመሩ ቀስ እያለ መቶ በመቶ ይሞላል፤ ከዚያ ቅጹ ባዶ ሆኖ ይመለስና «እባክዎ ፋይል ያያይዙ» ይላል። ሰነዱን የያዘችው ሠራተኛ ፋይሉን እንደገና መረጠች፣ ብራውዘር ቀየረች፣ የስልክ ዳታም ሞከረች። መልሱ ያው ነው። ቢሮው በሙሉ ጥፋቱን ኔትዎርክ ላይ ጣለ።

ኔትዎርክ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ሌላ ይሆን ነበር። የተበላሸ ግንኙነት ቦታ አይመርጥም፤ አንዴ በ20፣ አንዴ በ70 በመቶ ላይ ይቆርጣል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚከሽፍ ጭነት አብዛኛውን ጊዜ የተጋጨው ከመጠን ገደብ ጋር ነው። መስመሩ የሚቆጥረው ደግሞ ከኮምፒውተራችን የወጣውን እንጂ ሰርቨሩ የተቀበለውን አይደለም። መቶ በመቶ ማለት «ላክሁ» እንጂ «ተቀበሉኝ» ማለት አይደለም።

ገደቡም አንድ ብቻ አይደለም። ከፊት ብዙ ጊዜ እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ሰርቨር ይቆማል፤ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር የሚፈቅደው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ከዚያ ካለፈም 413 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ይህ በግልጽ የሚናገር ስለሆነ ችግር የለውም። አስቸጋሪው ከኋላው ያለው ነው። ድረ ገጹ በፒኤችፒ የተሠራ ከሆነ ለአንድ ፋይል `upload_max_filesize` የሚባል ገደብ አለ፣ ለቅጹ በጠቅላላው ደግሞ `post_max_size`። ፒኤችፒ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ሲተከል ከነበረበት ካልተነካ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 8 ሜጋባይት ነው። ሁለተኛው ሲታለፍ ፒኤችፒ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የተሞላውን ጽሑፍ ሁሉ ባዶ አድርጎ ያስረክባል። ፕሮግራሙ የሚያየው ምንም ያልተጻፈበት ቅጽ ስለሆነ፣ ቅን ሆኖ «ፋይል ያያይዙ» ይላል። እዚህ የሆነውም ይኸው ነው፤ የድረ ገጹ የእገዛ ገጽ ግርጌ ላይ «እስከ 20 ሜጋባይት» ተብሎ ተጽፏል።

ግምት ከማብዛት F12 ተጭኖ Network በሚለው ክፍል ውስጥ የተላከውን መስመር ማየት ይሻላል። 413 ካለ መጠን ነው። 504 ካለ ከኋላ ያለው ፕሮግራም በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው። ምንም ቁጥር ከሌለ ግንኙነቱ በመሃል ተቆርጧል። የኢሜይል ነገር ደግሞ ለብቻው ነው፦ አባሪው በጉዞ ላይ ወደ ጽሑፍ ስለሚለወጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያብጣል። 25 ሜጋባይት በሚል ሳጥን ውስጥ ከ18 ሜጋባይት ገደማ በላይ የማይገባው ለዚህ ነው።

ወደ ሰነዱ እንመለስ። መጀመሪያ በዚፕ ታሸገ፤ 94 የነበረው 92 ሆነ። የሚያስደንቅ አይደለም። እያንዳንዱ ገጽ የስካነር ፎቶ ነው፣ ፎቶው አስቀድሞ በጄፔግ ተጨምቋል፣ የተጨመቀ ነገር ደግሞ ዳግም አይጨመቅም። ቀጥሎ በአንድ ማሳነሻ ፕሮግራም «ከፍተኛ ማሳነስ» ተመረጠ፤ ፋይሉ 3 ሜጋባይት ሆኖ ወጣ፣ ያለ ችግርም ተጫነ። ደግነቱ የመጨረሻው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባ ከፍቶ አየው። የዋጋ ሠንጠረዡ ላይ 3 እና 8 አይለዩም፤ የማኅተሙ ዙሪያ ጽሑፍ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። እንዲህ ያለው ከፍተኛ ማሳነስ ብዙ ጊዜ ምስሉን በአንድ ኢንች ወደ 72 ነጥብ ያወርደዋል። በ10 ፖይንት የተጻፈ ፊደል በዚህ መጠን ከላይ እስከ ታች 10 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ቅጥያ አንድ ነጥብ ብታገኝ ነው፣ በጄፔግ ጭመቃ ደግሞ እሷም ከነጩ ወረቀት ጋር ትቀላቀላለች። በ150 ላይ ፊደሉ 20 ያህል፣ በ200 ላይ ወደ 28 ነጥብ ያገኛል። የግዕዝ ፊደል ለሚነበብበት ስካን ከ200 በታች መውረድ አያዋጣም፤ ለላቲን ጽሑፍ 150 ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ታዲያ 94 ሜጋባይት ከየት መጣ? ይህን ሳያውቁ ማሳነስ በጨለማ መቁረጥ ነው። በትእዛዝ መስመር፦

```
pdfimages -list senad.pdf
```

ከሚወጣው ሠንጠረዥ x-ppi የሚለውን ዓምድ ማየት ይበቃል። 46ቱም ገጾች 600 ይላሉ፣ ሁሉም በቀለም። አንድ የኤ4 ገጽ በ600 ላይ ወደ 35 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል፤ በ300 ላይ 8.7 ሚሊዮን፣ በ200 ላይ 3.9 ሚሊዮን ብቻ። ነጥቡ በግማሽ ሲቀንስ ገጹ በአራት እጥፍ የሚቀንሰው በርዝመትም በወርድም ስለሚቀንስ ነው።

ግን ዋናው ስህተት ከዚያም በፊት ነው። ከ46ቱ ገጾች 40ው በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፉ ሆነው ሳለ ታትመው ተመልሰው ስካን ተደርገዋል። ፊርማና ማኅተም ያለባቸው 6 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 40ው ገጾች በቀጥታ ከወርድ በ«Save As» ፒዲኤፍ ሆኑ፤ ጽሑፉ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፍ ስለቀረ ምንም ቢያጎሉት አይደበዝዝም፣ ሁሉም አንድ ላይ አንድ ሜጋባይት አልሞሉም። 6ቱ ገጾች በ300፣ በቀለም እንደገና ስካን ተደረጉ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ጥቁር ስለሆነ ግራጫ ማድረግ ማስረጃውን ያደበዝዛል። ተጣምረው 5 ሜጋባይት ሆኑ።

የወርዱ ፋይል ጠፍቶ ወረቀቱም ከእጅ ከወጣ፣ ስካኑን ራሱ ጎስትስክሪፕት በሚባል ፕሮግራም ማሳነስ ይቻላል፦

```
gs -o anese.pdf -sDEVICE=pdfwrite \
 -dDownsampleColorImages=true \
 -dColorImageResolution=200 \
 -dColorImageDownsampleThreshold=1.0 \
 senad.pdf
```

የመጨረሻዋ ቅንብር ብዙ ሰው የሚረሳት ናት። ጎስትስክሪፕት እንደ ልማዱ ምስሉ ከተፈለገው መጠን 1.5 እጥፍ ካላለፈ አይነካውም። `/ebook` የሚለው ዝግጁ ቅንብር 150 ይፈልጋል፤ ስካኑ 200 ከሆነ ግን ከ225 በታች ስለሆነ እንዳለ ያልፋል፣ ሰውም «ትእዛዙ አይሠራም» ይላል። ግራጫ ገጾች ካሉ በ`Gray` የሚጀምሩትን ተመሳሳይ ቅንብሮች መጨመር ያስፈልጋል። ውጤቱን ለመፈተን ሙሉውን ገጽ ማየት አይበቃም፤ አነስተኛው ቁጥር ያለበትን ሠንጠረዥ በ200 በመቶ አጉልቶ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ ስካን ሲጨመቅ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ጄቢግ2 የሚባለው ዘዴ ተመሳሳይ የመሰሉትን ፊደሎች አንዱን በሌላው ተክቶ ቦታ ይቆጥባል። በ2013 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዴቪድ ክሪዝል አንዳንድ የቢሮ ስካነሮች በዚህ ምክንያት 6ን ወደ 8 እንደሚቀይሩ አሳይቷል፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርም። የገንዘብ ሠንጠረዥ ላይ ከምስሉ ምንም የማይለውጠውን «ሎስለስ» የሚለውን ወይም ሲሲአይቲቲ ጂ4ን መምረጥ ይገባል።

ሰነዱ ዲጂታል ፊርማ ካለው ደግሞ ማሳነሱ ከፊርማው በፊት ነው የሚሠራው። ከተፈረመ በኋላ ፋይሉ ዳግም ሲጻፍ ፊርማው ዋጋ ያጣል፤ ተቀባዩ ሲከፍተውም ፊርማው እንደማይጸና የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያገኛል።