ካርዴ ጠፋብኝ፣ በስፓኒሽ

ማክሰኞ ማታ ነው። ማድሪድ፣ ኅዳር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሥራ ቤቴ በታች ካለው ሱቅ ወተትና ዳቦ ይዤ ሒሳብ ልከፍል ስል ቦርሳዬ ውስጥ ካርድ የለም። ኪሴን ፈተሽኩ፣ የኮቴን ገበር ፈተሽኩ፣ የለም። ሰዓቱ 12:20 ነበር፤ እነሱ 18:20 የሚሉት። ወተቱን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

የምሠራው አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪን በመንከባከብ ነው። ሴኞራ ነው የምላቸው። ሳሎን ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ። እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የባንኩን ቁጥር ከድረ ገጹ ላይ ፈልጌ ደወልኩ። ቁጥሩ ያለው ካርዱ ጀርባ ላይ ነው። ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ይሄ ከዚያ በፊት ታይቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ያነሳው ማሽን ነው። በፍጥነት ያወራል። «ኤክስትራቢዮ» የሚል ቃል ሰማሁ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን «ፔርዲዳ» ነው። ማሽኑ ግን መጥፋትን «ኤክስትራቢዮ»፣ ስርቆትን «ሮቦ» ነው የሚለው። ያንን ስላላወቅኩ ሁለቴ ዘጋሁት። በሦስተኛው ሁለቱም ቃል ያለበትን ቁጥር ተጫንኩ። ከዚያ የመታወቂያ ቁጥሬን አስገብቼ «አልሞአዲያ» እንድጫን አዘዘኝ። አልሞአዳ ትራስ ነው። ትንሽ ትራስ ተጫኚ? ስልኩን አገላብጬ አየሁት። በኋላ ሴኞራ ሲስቁ ነው የገባኝ፤ ስልኩ ላይ ያለችው # ምልክት ናት። ለስፔኖች ትንሽ ትራስ ትመስላለች።

በመጨረሻ ሰው መጣ። «ዲጋሜ» አለ፣ ይንገሩኝ ማለት ነው። እኔም ደንግጬ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ «ኤስቶይ ፔርዲዳ! ሚ ታርኼታ!» ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በጣም በረጋ ድምፅ «የት ነው ያሉት?» አለኝ። ለካ «ጠፍቻለሁ» ነው ያልኩት። እሱ መንገድ የጠፋባት ሴት መስዬው ነበር። አፍሬ ዘጋሁበት። በኔ ቤት ለማንም አልነግርም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

ሴኞራ ድምፄን ሰምተው ኖሮ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ነገሩን ነገርኳቸው። «ወረቀት አምጪ» አሉ። አርባ ዓመት ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ችግር ሲገጥም ወረቀት ነው የሚጠይቁት። እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ በፊደል እየጻፍኩ፣ አንድ ገጽ አወጣን።

የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፦

«ቡዌናስ ታርዴስ። ያማባ ፖርኬ ሴ ሜ ኣ ፔርዲዶ ላ ታርኼታ። ኬሪያ ብሎኬያርላ፣ ፖር ፋቦር።»

እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት «ኪዬሮ ብሎኬያር ሚ ታርኼታ» ነበር፣ «ካርዴን ማገድ እፈልጋለሁ»። ሴኞራ «ኪዬሮ»ን ሰርዘው «ኬሪያ» አደረጉት። ያለፈ ጊዜ ነው። ካርዱ ዛሬ ጠፍቶ፣ ማገዱን አሁን እየፈለግኩ፣ ለምን ያለፈ ጊዜ? ጠየቅኳቸው። «እንደዚህ ነው ጨዋ ሰው የሚናገረው» አሉ። መልሱ ግን ለኔ ወዲያው ሌላ ቦታ በራ። እኛስ ቢሮ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» አይደል የምንለው? አሁን እየፈለግን «ነበር»። «ያማባ»ም እንደዚሁ ነው፣ «የደወልኩት እንዲህ ሆኖብኝ ነበር» ብሎ እንደመጀመር። ጥያቄውን ወደ ኋላ ገፋ ታደርገውና ሰውየው ትከሻ ላይ አይከብድም።

«ሴ ሜ ኣ ፔርዲዶ» ደግሞ ከዚህ ይብስ ደስ አለኝ። ስፓኒሽ የተማርኩት በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ «ካርዴን አጥፍቻለሁ» ዓይነት ነው ያለው፣ «ኤ ፔርዲዶ»፣ እኔ አድራጊዋ። እሱም ትክክል ነው፤ ማንም ይረዳዋል። ሴኞራ የሰጡኝ ግን ካርዱን አድራጊ ያደርገዋል፤ «ሜ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ደግሞ ጉዳቱ በኔ ላይ መድረሱን ትነግራለች። ጠፋብኝ። ያችው «ብኝ» ናት! ከጎንደር ይዤው የመጣሁትን ሰዋስው ስንት ዓመት በእንግሊዝኛ በኩል ስዞር ከርሜያለሁ።

«ሰረቁኝ» ልበል ወይ ብዬ ነበር። «አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። «እንግዲያው ያላየሽውን አትበይ።» ነገሩ ከሐቀኝነት ብቻ አልነበረም። «ሜ ላ አን ሮባዶ» ካልሽ የት፣ መቼ፣ እንዴት፣ ለፖሊስ አመልክተሻል ወይ ይመጣል። ለማገድ መጥፋቱ ይበቃል።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። ስፓኒሽን በፊደል መጻፍ ቀላል ነው። ፈረንጅ የሚቸገርበት ድምፅ «ኸ» ሆኖ ቁጭ ብሎልናል፣ ታርኼታ። ሴኞራ የምትለዋ «ኛ»ም አለችን። የከበደኝ የማድሪድ ሰው ምላሱን ጥርሱ መሃል አድርጎ የሚላት «ሰ» ብቻ ናት። ከሥሯ መስመር አሰመርኩባት፣ አለፍኩ።

12:55 ላይ እንደገና ደወልኩ። ትራሷን ተጫንኩ። አሁን ሴት ናት ያነሳችው። ወረቀቴን አነበብኩ፣ እስከ «ፖር ፋቦር»። አልተቋረጥኩም። «እሺ ሴኞራ፣ አይጨነቁ» አለችኝና ጥያቄዋን ጀመረች።

የመታወቂያ ቁጥር። የውጭ ዜጎች ቁጥር ከፊት አንድ ፊደል፣ ከዚያ ሰባት አሃዝ፣ ከኋላ ሌላ ፊደል አለው። የኔ በ Y ይጀምራል፣ «ኢ ግሪዬጋ» ይባላል። ሴኞራ አሃዞቹን አንድ በአንድ እንድል አስጠንቅቀውኝ ነበር። ስፔኖች ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚጠሩት። ስልሳ «ሴሴንታ»፣ ሰባ «ሴቴንታ» ነው፤ በስልክ ልዩነታቸው አይሰማም። ልጅቷ ራሷ ጥንድ አድርጋ ስትደግምልኝ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ሁለተኛውን መስመሬን አወጣሁ፦ «ፔርዶኔ፣ ሜ ሎ ፕዌዴ ሬፔቲር ማስ ዴስፓስዮ፣ ፖር ፋቦር?» ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ሊደግሙልኝ ይችላሉ? «ሴይስ፣ ሴሮ» አለች፣ ስድስት፣ ዜሮ። ልክ ነበር።

ከዚያ ስም። እዚህ አገር ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። «ሁለተኛውስ?» አለችኝ። «ኖ ቴንጎ፣ ሶሎ ኡኖ»፣ የለኝም፣ አንድ ብቻ። በአባቴ ስም ውስጥ «በ» አለች። ስፔኖች B እና V አንድ አድርገው ነው የሚጠሯቸው። ስለዚህ «ቤ ዴ ባርሴሎና» አልኩ። V ብትሆን «ኡቤ ዴ ባሌንስያ» ነበር የምለው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው በአባቴ ስም «ሴኞራ እገሌ» እያለች ጠራችኝ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚያ ሰዓት ስሙን ስሰማ ጉሮሮዬ ተያዘ፤ ግን መቀጠል ነበረብኝ።

የትውልድ ቀን ጠየቀች። መጨረሻ የከፈልኩትን ጠየቀች፤ ጠዋት ዳቦ ቤት፣ 3 ዩሮ ከ40። የምስጢር ቁጥሬን አልጠየቀችም፣ መጠየቅም የለባትም። ሴኞራ ግን ለማንኛውም ብለው ወረቀቱ ላይ አስጽፈውኝ ነበር፦ «ኤል ፒን ኖ ሴ ሎ ፕዌዶ ዳር»፣ ፒኑን ልሰጥዎት አልችልም። አልተጠቀምኩበትም።

«ጊዜያዊ ነው ወይስ ለዘለቄታው?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አላወቅንም ነበር። ጊዜያዊው ካርዱን ያስተኛዋል። ነገ ሶፋ ሥር ብታገኘው መልሰው ያነቁልሻል። የዘለቄታው ግን የካርዱን ቁጥር ይገድለዋል፣ ብታገኘውም ፕላስቲክ ነው። ቤት ውስጥ ረስቼው ይሆን ብዬ ላመነታ ስል እሷ «18:41 ላይ 23 ዩሮ ከ80 ከፍለዋል?» አለች። 18:41 ላይ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ከማሽኑ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። ካርዱን አስጠግቶ መክፈል እስከ 50 ዩሮ ድረስ ብዙውን ጊዜ ፒን አይጠይቅም፤ ያገኘው ሰው ያንን ያውቃል።

«ኖ ሬኮኖስኮ ኤሴ ካርጎ።» ይህንን ክፍያ አላውቀውም። ሴኞራ ይህንን መስመር ሲያስጽፉኝ አያስፈልግም ብያቸው ነበር። «ዴፊኒቲቦ» አልኩ፣ ለዘለቄታው ይሁን።

የቀረችው የመጨረሻዋ መስመር ናት፣ ሴኞራ ሁለቴ ያሰመሩባት፦ «ሜ ፖድሪያ ዳር ኤል ኑሜሮ ዴ ሬፌሬንስያ ኢ ላ ኦራ ዴል ብሎኬኦ?» የጉዳዩን ቁጥርና የታገደበትን ሰዓት ሊሰጡኝ ይችሉ ይሆን? 19:12 አለችኝ። ያቺ ሰዓት ዋጋ አላት። በ2018 በወጣው የስፔን የክፍያ አገልግሎት ሕግ መሠረት፣ ለባንኩ ከማሳወቅሽ በፊት ሌላ ሰው በካርድሽ ያወጣው ገንዘብ እስከ 50 ዩሮ ድረስ ባንቺ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ካሳወቅሽ በኋላ የሚወጣው ግን፣ ራስሽ ካላጭበረበርሽ በቀር፣ የባንኩ ዕዳ ነው። ፒን ካርዱ ላይ ጽፎ መያዝ ዓይነት ከባድ ቸልተኝነት ካለ የ50ው ጣሪያ አይሠራም። ማሳወቅሽን የሚያሳይ ማስረጃም እስከ 18 ወር ድረስ ባንኩን መጠየቅ ትችያለሽ። ልጅቷ በመልእክት ላከችልኝ።

«ሙቻስ ግራስያስ፣ ኣ ሲዶ ሙይ ኣማብሌ» ብዬ ዘጋሁ፣ በጣም ደግ ነበሩ። ሴኞራ ከጎኔ ሆነው «ሙይ»ን አስረዘምሽው አሉኝ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስለ 23 ዩሮ ከ80ው አመለከትኩ፤ ባንኩ የማመልከቻውን ቅጂ ፈልጎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። አዲሱ ካርድ በፖስታ መጣ። ከፖስታው እንዳወጣሁት ገልብጬ የጀርባውን ቁጥር በትልቁ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፍኩ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ሴኞራ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ ብለው አዩት። በፊደል የተጻፈ ነው፣ ምንም አያነቡም። ጣታቸውን ግን አንዷ «ሰ» ላይ አድርገው «ይቺ መስመር ምንድን ናት?» አሉኝ።