በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ድምፅ

ባሏ የሞተባት ሴት ድምፁን አሮጌ ካሴት ላይ ታገኛለች። አጭር ልብ ወለዴን ስጀምር በእጄ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ካሴቱን ትከፍታለች፣ ትሰማለች፣ ታለቅሳለች። ከዚያስ? ይህንን አንባቢው ገና ሳይጀምር ይገምተዋል። ታሪክ እንዲሆን በእሷና በድምፁ መካከል የሚቆም አንድ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ያንን የነገረኝ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን የሰፈራችን ሰው ነው። ሰው በደከመ የባትሪ ድንጋይ ድምፁን ቢቀዳ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ክሩም ቀስ ብሎ ያልፋል። በኋላ በደህና ቴፕ ሲከፈት ግን ክሩ በትክክለኛው ፍጥነት ይሮጣል። ስለዚህ ድምፁ ይቀጥናል፣ ንግግሩም ይፈጥናል። ሞተሩ በአንድ አሥረኛ ከዘገየ አሥር ደቂቃ የተወራው በዘጠኝ ደቂቃ ያልቃል፤ የጎልማሳ ድምፅ የጎረምሳ ይመስላል።

እዚያው ሞከርነው። ድንጋዮቹ እያለቁ ሲሄዱ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ የማላውቀው ልጅ ሆንኩ። ታሪኬን እዚያ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት፤ ሴትየዋ የባሏን ድምፅ ስትሰማው አታውቀውም!

ከዚያ በኋላ ሌላው ነገር ራሱን ጎትቶ መጣ። ባልየውን የአሰብ መስመር ሹፌር አደረግኩት። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ቀናት ይቆጠራሉ። ድንጋዩ ሲደክም መኪናው መስታወት ስር ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ያኔ ብዙ ቤት እንዲህ ይደረግ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል፣ ቶሎ ይሞታል። ባዶ ካሴት ስለሌለው በዘፈን ካሴት ላይ ይቀዳል። እንዳይቀዳባቸው ጥርሳቸው የተሰበረ ካሴቶች ላይ ለመቅዳት ቀዳዳውን በወረቀት መድፈን በቂ ነው። እሱም የሲጋራ ወረቀት ጠቅጥቆበታል። መልእክቱን የሚልክለት ሰው ሳያገኝ ራሱ ቤቱ ይገባል፤ ካሴቱም ከዘፈኖቹ ጋር ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ታሞ ሲሞት እንኳ ካሴቱን ማንም አላስታወሰውም።

ዘፈኑ በጣም ጠቀመኝ። ሴትየዋ ቴፑ የተበላሸ መስሏት ወደ ጠጋኝ ትወስደዋለች። ጠጋኙ መጀመሪያ ወረቀቱን ከቀዳዳው ያወጣል፤ በስህተት ቢቀዳበት ድምፁ አይመለስማ። ከዚያ ያዳምጣል። ዘፈኑ ደህና ነው። መሀል ላይ ቋ ይልና ቀጭን ድምፅ ይገባል። እሱ ሲያበቃ ዘፈኑ ከግማሽ ስንኝ ይቀጥላል፣ አሁንም ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የቴፑ አይደለም፤ ሰውየው ሲቀዳ ነው የዘገየው።

የብዙ ቴፖች ሞተር ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በቀጭን ካቻቢቴ ውስጧን ሲያዞሩ ፍጥነቱ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ይህን ሳይ የታሪኩ ዋና ትዕይንት ተሠራ። ጠጋኙ ማዞር ይችላል፤ የት ጋ ማቆም እንዳለበት ግን አያውቅም። ሰውየውን ሰምቶት አያውቅም። መለኪያው የእሷ ጆሮ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ አወፍረው ልጄ።»

«አሁንስ?»

«አለፍከው። መለስ አድርገው።»

ድንጋዩ እየሞተ ስለነበር አንዴ የተስተካከለው ድምፅ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይቀጥናል። ጠጋኙ እስከ መጨረሻው ካቻቢቴውን አይለቅም፣ እሷም «አወፍረው» ማለቷን አትተውም። ሐዘኗን በአንድም ቃል አልገለጽኩም። ባሏን እንዴት እንደምታውቀው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልችልም።

ብዙ ያሰብኩበት ሌላው ነገር ባልየው የሚለው ነው። መሞቱን የምናውቀው እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም። ስንብት ቢናገር ደራሲው ከኋላው ቆሞ እንደሚያቀብለው ያስታውቃል። እናም እንዲህ አስባልኩት፦ «ጤፉን ከዚያ ሰውዬ እንዳትገዢ፣ አሸዋ አለው። የልጁን የጫማ ቁጥር ላኪልኝ። ደግሞ ያ ጣሪያ ሳይዘንብ ይታይ።» ይህንን ለጓደኞቼ ሳነብ ዝም ያሉት ጫማው ላይ ነበር። ልጁ በታሪኩ ውስጥ አሁን የራሱ ልጆች አሉት።

መጨረሻውን በጠጋኙ ጥያቄ ዘጋሁት። ወደ አዲስ ካሴት ሲገለብጥላት ዘፈኑን ልቁረጠው ወይ ይላታል። ዘፈኑንም አብረህ ቅዳው ትለዋለች። አንድ ጓደኛዬ ይህ ይውጣ፣ ታሪኩ ድምፁ ላይ ይለቅ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አላወጣሁትም። ያ ሰው አሰብ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ የነበረው ያንን ዘፈን ነው፤ ለእሷ ብሎ ነው ግማሹን ያጠፋው።