113,000 ብሩ የየትኛው ደረሰኝ ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቻችን ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ አሉ። አብዛኞቹ በዱቤ ይወስዳሉ። ሲከፍሉ ግን አንዱ ግማሹን ያስገባል፣ ሌላው ሦስቱን ደረሰኝ ደምሮ በአንድ ዝውውር ይልካል። ባንኩ የሚያሳየኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ያንን መስመር ከትክክለኛው ደረሰኝ ጋር ማገናኘት የኔ ሥራ ነው። ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ስቴትመንቱን በኤክሴል አወጣለሁ፤ ገቢዎቹን ብቻ አስቀራለሁ። ስሙም ብሩም ከአንድ ደረሰኝ ጋር የገጠመውን ወዲያው አወራርዳለሁ። ቀኑ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ስቴትመንቱ በፈረንጅ ነው፣ የእኛ ደረሰኝ በኢትዮጵያ። የዝውውር ቁጥሩ `FT24045` ብሎ ከጀመረ 24 ዓመቱ ነው፤ 045 ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ሲቆጠር 45ኛው ቀን ነው። ፌብሩዋሪ 14 ማለት ነው፤ በእኛ የካቲት 6 ቀን 2016። «የካቲት ስድስት ልኬያለሁ» የሚል ደንበኛ ሲደውል በዚህ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ መመሪያ አለን፤ ደንበኛው ካልገለጸ ከአሮጌው ደረሰኝ ጀምራችሁ ዝጉ ይላል። ለመጻፍ ቀላል ነው። እኔ ቦታውን ስረከብ ይህ መመሪያ ምን እንዳደረገ በአንድ ደንበኛ ሂሳብ ላይ አየሁት።

ደንበኛው ደብረ ሲና አካባቢ ሥራ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሦስት ያልተከፈሉ ደረሰኞች ነበሩበት፤ 0412 በ46,000 ብር፣ 0427 በ27,600 ብር፣ 0433 በ69,000 ብር። ሁሉም ቫትን ጨምሮ ነው። ድምሩ 142,600 ይመጣል። ባንክ የገባው 113,000 ብር ነው። የምክንያቱ ቦታ ላይ «ክፍያ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም።

113,000 ድፍን ቁጥር ነው። ያየ ሁሉ «ለጊዜው ይህን ያዙ» ተብሎ የተላከ ከፊል ክፍያ ይመስለዋል። በመመሪያው መሠረት 0412 እና 0427 ሙሉ በሙሉ ተዘጉ፤ ቀሪው 39,400 ለ0433 ተያዘ። 0433 ላይ 29,600 ብር ዕዳ ቀረ። መዝገባችን ይህን እያሳየ ለወራት ተቀመጠ።

ቀሪውን ለመጠየቅ የማኅበሩን ሂሳብ ሠራተኛ ደወልኩላት። «ወንድሜ፣ 0433ን እኮ ጨርሰን ከፍለናል» አለችኝ። «ያልከፈልነው 0427ን ነው። ስድስቱ ቆርቆሮ ታጥፎ ነው የደረሰው፤ ያኔውኑ ለሹፌሩ ነግረነዋል።»

ነገሩ የተፈታው ቅድመ ግብሩ ሲሰላ ነው። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው ከእኛ ሲገዛ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም በእኛ ስም ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገባውን ቅድመ ግብር፣ ከሚከፍለን ላይ የመቀነስ ግዴታ አለበት፤ በዚያን ጊዜ 2 በመቶ ነበር። የሚቀነሰውም ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ነው። 0412 ከቫት በፊት 40,000 ስለሆነ 800 ይቀነሳል፤ የሚከፈለው 45,200 ነው። 0433 ከቫት በፊት 60,000 ነው፤ 1,200 ተቀንሶ 67,800 ይከፈላል። ሁለቱን ደምሩ፤ ልክ 113,000 ይመጣል። ከፊል ክፍያ አልነበረም። ደንበኛው መርጦ፣ አስልቶ፣ ሁለት ደረሰኝ ነው የከፈለው።

ለምን ቶሎ አልታወቀም? ጠቅላላ ዕዳው ልክ ስለነበረ ነው። በእኛ መዝገብ 0433 ላይ 29,600 ቀርቷል። በእውነት የቀረው ደግሞ የ0427 27,600 እና የዊዝሆልዲንጉ 2,000 ነው፤ እሱም 29,600 ነው። ጠቅላላውን ብቻ የያዘ ማረጋገጫ ደብዳቤ ብትልኩ የትኛው ደረሰኝ እንዳልተከፈለ አይታይም። ስህተቱ የሚታየው በየደረሰኙ ስታነጻጽሩ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። የታጠፈው ቆርቆሮ የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ፤ 0427 «ተከፍሏል» ስለሚል ማን ይጠይቃል? የቆየው ዕዳ ደግሞ የቅርብ ደረሰኝ ላይ ስለተለጠፈ ዕዳዎች ምን ያህል እንደቆዩ በሚያሳየው የዕድሜ ዝርዝር ላይ አዲስ መሰለ። የ2,000 ብሩን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝም ማንም አልጠየቀም። ያ ደረሰኝ በእጃችን ካልገባ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብራችን ላይ አናቀናንሰውም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ይህን ሳስረዳቸው «ድምሩ ትክክል ነው አይደል?» ነው ያሉኝ። እስካሁን ያበሳጨኛል።

አስተካከልነው። 113,000ውን ከሦስቱ ነቅለን ለ0412 እና ለ0433 አዋልነው። ፒችትሪ ለምትጠቀሙ፣ `Apply to Invoices` ላይ ሁለቱን ደረሰኞች መርጣችሁ 800 እና 1,200ውን `Discount` አምድ ላይ ጻፉ፤ `Discount Account` የሚለውን ግን ወደ ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ ሂሳብ ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ግብሩ የሽያጭ ቅናሽ ሆኖ ይመዘገባል። ለ0427 የስድስቱ ቆርቆሮ ክሬዲት ኖት ተሠራ፤ አንዱ 600 ብር ስለነበር 3,600 እና ቫቱ 540፣ በድምሩ 4,140። የቀረው 23,460 ሆነ። ዊዝሆልዲንጉ 408 ተቀንሶ 23,052 ብር ብዙም ሳይቆይ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ያልተከፈሉ ደረሰኞች ዝርዝር ላይ አንድ አምድ ጨመርኩ። የደረሰኙ ጠቅላላ `B2` ላይ ካለ፣ ለሚቀንሱ ደንበኞች የሚገባው ብር ይህ ነው፤

```
=B2-ROUND(B2/1.15*0.02,2)
```

0.02 የሚለውን በክፍያው ቀን በሚሠራው መጠን ተኩት። ቫት የሌለበት ዕቃ ከሆነ `/1.15` ይወጣል። አዲስ ገቢ ሲመጣ ድምሮቹን መጀመሪያ በዚህ አምድ፣ ቀጥሎ በጠቅላላው እሞክራለሁ። ሱቅ ያላቸው ግለሰብ ነጋዴዎች ግን አብዛኞቹ አይቀንሱም፤ ለነሱ ይህን አምድ አትጠቀሙ።

ድምር ፍለጋውም ልክ አለው። ለሦስት ደረሰኝ ሊኖር የሚችለው ጥምረት ሰባት ነው። ለአሥር 1,023 ይሆናል። ያን ጊዜ በአጋጣሚ የሚገጥም ድምር ይበዛል፤ በተለይ ዋጋዎቹ ድፍን ከሆኑ። ከአምስት ስድስት ደረሰኝ በላይ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ አትድከሙ፤ ደውሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል የትኛውን እንደከፈለ የመናገር ቅድሚያውን ለእሱ ነው የሰጠው።

እውነተኛ ከፊል ክፍያ ሲሆንስ? የሸዋ ሮቢት ባለሱቅ ከ46,000 ላይ 30,000 በዘመዱ ስም ቢያስገባ፣ በመጀመሪያ የማን እንደሆነ አጣራለሁ። ከታወቀ በኋላ በእሱ ሂሳብ ሥር «ያልተመደበ ክፍያ» ብዬ አኖረዋለሁ፤ ዕዳው ይቀንሳል፣ ደረሰኙ ግን አይነካም። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ሲነግረኝ፣ በቴሌግራምም ቢሆን፣ ያኔ እመድበዋለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያልተመደበ ነገር ማየት አይወድም፤ በወር መጨረሻ ይጮኻሉ። ይጩኹ። በየወሩ ለደንበኛው የምልከው ዝርዝርም አሁን ጠቅላላ ድምር ብቻ አይደለም፤ የደረሰኝ ቁጥር፣ የተከፈለ፣ የተቀነሰ ግብርና ቀሪ ያለበት ነው። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ያልላኩትን ከሰኔ 30 በፊት የማሳድደውም ከዚሁ ዝርዝር ላይ ነው።