ክር ሲያስገቡ የማይንቀጠቀጥ እጅ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው ባሕር ዳር ነው። የፓርኪንሰን ታማሚዎች በሥራዬ ይገጥሙኛል። በሽታውን ቀረብ ብዬ ያየሁት ግን አባባን ሲይዛቸው ነው። አባባ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገበያው አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። የነርቭ ሐኪሙ ሌቮዶፓ ሲያዝላቸው፣ መድኃኒቱ የትኛውን ምልክት እንደሚያሻሽል፣ የትኛውን እንደማይነካ እየመዘገብኩ ለመከታተል ወሰንኩ። ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበት ንጥረ ነገር፣ የዶፓሚን ነገር በደንብ የገባኝ ከዚያ ደብተር ነው።

በሽታው የጀመራቸው በቀኝ እጃቸው ነው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው እየተሻሹ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ጎረቤታችን መቁጠሪያ የሚቆጥሩ መስሏቸው «ጸሎት ላይ ነዎት እንዴ?» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አልፈዋል። ሰው ሁሉ የሚያየው ይህን መንቀጥቀጥ ነው። አባባን ከሥራ ያስቀራቸው ግን እሱ አይደለም። ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ብታዩ እጃቸው ጸጥ ይላል፤ ክሩን በምራቅ አሹለው አንዴ ነው የሚያስገቡት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የስፌት መኪናውን በእግራቸው መርገጥ ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ደህና ናቸው። ቀጥሎ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና መርፌው ጨርቁ መሃል ቀጥ ይላል። ቁልፍ መትከል ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ይህ ለምን ይሆናል? መካከለኛው አንጎል ውስጥ ሳብስታንሺያ ናይግራ የሚባል ጠቆር ያለ ትንሽ ክፍል አለ። የጠቆረው ህዋሶቹ ኒውሮሜላኒን የሚባል ቀለም ስለሚያከማቹ ነው። ከዚያ የሚነሱት ነርቮች ወደ ላይ ወጥተው ስትራየተም በሚባለው ክፍል ውስጥ ዶፓሚን ይለቃሉ። ፓርኪንሰን እነዚህን ህዋሶች ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። ሰውየው ሐኪም ዘንድ እስኪሄድ ድረስ፣ እንቅስቃሴን የሚመራው የስትራየተም ክፍል አብዛኛውን ዶፓሚኑን አጥቷል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል። የግራው አንጎል ቀኝ እጅን ስለሚያዝ፣ የአባባ በሽታ የጀመረው በግራው አንጎል ነው ማለት ነው።

ከስትራየተም ቀጥሎ ያለውን ነገር ለአባባ ያስረዳኋቸው በባጃጅ ነው። ከቤዛዊት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ተይዞ የቆመ ባጃጅ ያስቡ አልኳቸው። እንዲሄድ ከተፈለገ ፍሬኑን መልቀቅ በቂ ነው። አንጎልም እንዲህ ይሠራል። ፓሊደም የሚባለው ክፍል ታላመስን ዘወትር አፍኖ ይይዘዋል። ታላመስ ሲለቀቅ ነው የአንጎል ቅርፊት እንቅስቃሴውን በሙሉ ኃይል የሚያዘው። ፍሬኑን የሚቆጣጠሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ፍሬኑን ይለቃል፤ ዶፓሚን ዲ-1 በሚባል ተቀባይ በኩል ይህን መንገድ ያበረታታዋል። ሁለተኛው ፍሬኑን ይረግጣል፤ ዶፓሚን ዲ-2 በሚባል ተቀባይ በኩል ይህኛውን ያስታግሰዋል። ዶፓሚን ሲጠፋ ለቃቂው ይደክማል፣ ረጋጩ ይበረታል። ጉዳቱ ከሁለቱም ወገን ነው።

አባባ ሰምተው ሲያበቁ «እና ሞተሩ ደህና ነው በለኛ!» አሉኝ። ደህና ነው። ጡንቻቸው አልሰለለም። እጄን ጨብጠው ሲይዙኝ ጉልበታቸው እንዳለ ነው። የጠፋው የእንቅስቃሴው ስፋትና ፍጥነት ነው። እንዲያውም አጠገባቸው ሆኜ ጠረጴዛ እየመታሁ ምት ስሰጣቸው የስፌት መኪናውን ረዘም ላለ ጊዜ ይረግጣሉ። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ወይም የሚታይ ምልክት እንቅስቃሴውን በሌላ የአንጎል መንገድ ስለሚቀሰቅስ፣ የተጎዳውን መንገድ በከፊል ያስቀረዋል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። መድኃኒቱን ከመዋጣቸው በፊትና ከዋጡ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሦስት ነገር አያለሁ፤ በስልክም እቀርጻለሁ።

መጀመሪያ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን በተቻላቸው መጠን አስፍተውና አፍጥነው አሥር ጊዜ እንዲያጋጩ አደርጋለሁ። መንቀርፈፉ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መታየት ያለበት ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ስፋቱ እየጠበበ መሄዱ ነው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ መከፈታቸውም አይታይም።

ቀጥሎ ግትርነቱን አያለሁ። ክንዳቸውን ለቀቅ አድርገው እኔ አጥፌ እዘረጋዋለሁ። በሥራዬ በስትሮክ የተገተረ ክንድ በየቀኑ እይዛለሁ፤ የአባባ ከዚያ ይለያል። የስትሮኩ ክንድ በፍጥነት ሲሳብ ነው ይበልጥ እምቢ የሚለው፣ ቀስ ሲሉት ይለሳለሳል። የፓርኪንሰኑ ቀስ ብዬም ብስበው፣ ፈጠን ብዬም ብስበው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። አንዳንዴ ቀጥ ቀጥ እያለ ነው የሚታጠፈው፤ መንቀጥቀጡ ከግትርነቱ ጋር ሲደራረብ እንዲያ ይሆናል። ግትርነቱ ከመገጣጠሚያው አይደለም። ጡንቻ ሲለጠጥ መልእክቱ እስከ አንጎል ቅርፊት ደርሶ ይመለሳል። ያ ምላሽ በጤናማ ሰው ይለዝባል፤ በፓርኪንሰን ግን ልጓሙ ላልቶ ይገነናል። ሰውየው «ለቅቄዋለሁ» ይላል፣ ጡንቻው ግን አልለቀቀም። ግትርነቱ ቀላል ሆኖ ካልለየልኝ በግራ እጃቸው እፍኛቸውን እንዲከፍቱና እንዲዘጉ አደርጋለሁ። ያኔ በእኔ እጅ ያለው ቀኙ ገተር ይላል። ባልደረቦቼ፣ ይህችን አትዝለሏት።

ሦስተኛው መንቀጥቀጡ ነው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቆጥራሉ። ሐሳብ ሲጨናነቅ መንቀጥቀጡ ይወጣል። ቪዲዮውን አዘግይቼ ስቆጥረው በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ነው። የፓርኪንሰን የእረፍት መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ነው።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከዚህ ንጽጽር ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ ጣታቸው እስከ አሥረኛው ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ክንዳቸውም ይለሳለሳል። መንቀጥቀጡ ግን አንዳንድ ቀን ይቀንሳል፣ አንዳንድ ቀን እንዳለ ነው። አባባ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉት እጃቸውን አይተው ነው። ቪዲዮውን ሳሳያቸው ዝም አሉ። የሦስቱ ምልክቶች ምንጭ አንድ ዓይነት አይደለም። መንቀርፈፉና ግትርነቱ በስትራየተም ያለው ዶፓሚን ባነሰ ቁጥር ይብሳሉ። መንቀጥቀጡ ከዚያ ጉድለት ጋር እኩል አይራመድም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄልሚክና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ባወጡት ጥናት፣ ዶፓሚን የጎደለው ፓሊደም መንቀጥቀጡን ይለኩሳል፤ ከትንሹ አንጎል ተነስቶ በታላመስ አድርጎ ወደ ቅርፊቱ የሚሄደው ዑደት ደግሞ ያጋግለዋል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠን ሲያስተካክል መንቀጥቀጡን ብቻ ካየ ሳያስፈልግ ሊጨምር ይችላል። ከመጠን ያለፈ ሌቮዶፓ ደግሞ ሰውነትን ያለፈቃድ ያወዛውዛል። አሁን ለሐኪሙ የምወስድለት የጣቱን ቪዲዮ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለምን ዶፓሚን ራሱ አይሰጥም ያላችሁ ትኖራላችሁ። ዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አብሮት ያለው ካርቢዶፓ መንገድ ላይ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል። ኤሪንገርና ሆርኒኬቪች ቪየና ውስጥ የሟች ታማሚዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን መጉደሉን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መድኃኒቱ የመጣው ያንን ተከትሎ ነው።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። እሁድ ከሰዓት መድኃኒቱ አይሠራም ነበር። እሁድ ቀን ሐይቁ ዳር ወርደን የቆሮሶ ጥብስ እንበላለን። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚሻገረው የፕሮቲን ቅንጣቶች በሚሻገሩበት በር ነው። ዓሣው ሲበዛ በሩ ላይ ወረፋ ይሆናል። ሽሮም ፕሮቲን ነው፤ ነገሩ የሥጋና የዓሣ ብቻ አይደለም። አሁን አባባ ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው በውሃ ይውጣሉ፣ ዓሣውንም አልተዉም። ባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ማቅለሽለሹ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። መድኃኒቱን በጀመሩ ሰሞን አባባ አቅለሸለሻቸው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቅርብ ያለ ክሊኒክ ሄደው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ማለትም ሁላችንም ፕላሲል የምንለውን ተሰጣቸው፤ ለቀጣይ ቀናትም ኪኒኑ ታዘዘላቸው። ማቅለሽለሹ ቆመ። ግን በዚያው ሳምንት ከወንበር መነሳት አቃታቸው፣ ፊታቸውም ስሜት አልባ ሆነ። ቪዲዮው ላይ ደህና የነበረው ግራ እጃቸውም ጣቱ መጥበብ ጀምሮ ነበር። በሽታው በሳምንት ውስጥ ወደ ሌላው እጅ አይዘልም። የሚዘለው መድኃኒት ሲገባ ነው።

ፕላሲል የዲ-2 ተቀባይን ይዘጋል፤ አንጎል ውስጥም ይገባል። ያችን የቀረችውን ጥቂት ዶፓሚን ፍሬን ረጋጩን እንዳታስታግስ ከለከላት ማለት ነው። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችም በዚሁ መንገድ፣ ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው ጭምር ሊያንቀረፍፉና ሊገትሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ወገን እኩል ይይዛል። አንድ ሰው በድንገት ሁለት እጁ ቢገተር መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚወስደው መድኃኒት ነው።

ሐኪሙ ደውዬ ስነግረው ፕላሲሉን አስቆመ። ግራ እጃቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ግን ወዲያው አይደለም፣ ጊዜ ወሰደ። ለማቅለሽለሽ ዶምፔሪዶን ታዘዘላቸው። እሱም ዲ-2ን ይዘጋል፣ ወደ አንጎል ግን እምብዛም አይገባም። የልብ ምት ችግር ላለበት ሰው ስለሚያሰጋ መጀመሪያ የልብ ምርመራ ተደረገላቸው። አሁን የአባባ ኮት ኪስ ውስጥ ወረቀት አለ፤ «ፓርኪንሰን አለብኝ። ፕላሲልና ሃሎፔሪዶል አይሰጠኝ» ይላል። ኪሱን የሰፉት ራሳቸው ናቸው፣ ከውስጥ በኩል፣ በቁልፍ የሚዘጋ። ቁልፏን መክፈት ስላስቸገራቸው አሁን በማግኔት ቀይረዋታል።