«ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ሲነግሩሽ

አሜሪካ ውስጥ የምኖረው በአስተርጓሚነት ነው። ዛሬ ሆስፒታል፣ ነገ ፍርድ ቤት። የሥራው ሕግ አጭር ነው፦ የተባለውን አስተላልፊ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ለእረፍት አዲስ አበባ ስመጣ ግን ይህ ሕግ ግንፍሌ፣ እናቴ ቤት በር ላይ ይቀራል። እዚህ የተባለውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ይህን ሳወራ «እሱማ ሰምና ወርቅ ነው» የሚለኝ አላጣም። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ አንድ የሴራሚክ ነገር ላውጋችሁ።

የእናቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ሴራሚኩ እየተነቃቀለ ነበር። ሰፈራችን ሴራሚክ የሚሠራ ልጅ አለ፤ ጎረቤታችን ቤትም የሠራው እሱ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያ ሴራሚክ የሠራላችሁ ልጅ ሥራው እንዴት ነው?»

«ውይ፣ ጨዋ ልጅ ነው! ሰው አክባሪ። አንድ ቀን እንኳ ሰላም ሳይለኝ አልፎ አያውቅም።» ትንሽ ዝም አሉና «ቡናሽ እንዳይቀዘቅዝብሽ» አሉኝ።

በቃ፣ ሌላ ሠራተኛ ፈለግኩ።

እትዬ ስለ ልጁ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ታዲያ ሥራው እንደማይረባ በምን አወቅኩ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃርቫርድ ላይ በሰጣቸው ንግግሮች ይህንኑ ነው የፈታው። ሳይባል የሚተላለፈውን መልእክት «ኢምፕሊኬቸር» አለው። የራሱ ምሳሌም ከእትዬ ጋር ዘመድ ነው። አንድ መምህር ለፍልስፍና ሥራ ላመለከተ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ተማሪው እንግሊዝኛ ጎበዝ መሆኑንና ከክፍል አለመቅረቱን ይናገራል። ስለ ፍልስፍናው ግን ምንም የለም። አንባቢው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ግራይስ እንደሚለው ስንጫወት ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር አለ። ሰው ሲያናግረን የሚበቃንን ያህል ይነግረናል፣ የሚያምንበትን ይናገራል፣ ከጉዳዩ አይወጣም፣ አያድበሰብስም ብለን እንጠብቃለን። አንዱ የተጣሰ ሲመስል «ሰውየው ሊረዳኝ አልፈለገም» ብለን አንተወውም። «ለምን እንዲህ አለ?» ብለን እንፈልጋለን።

ወደ እትዬ እንመለስ። የጠየቅኩት ስለ ሥራው ነው፣ የመለሱት ስለ ጠባዩ። መልሱ ከሚያስፈልገኝ ያንሳል። አያውቁ ይሆን? ያውቃሉ፤ በየቀኑ የሚረግጡት ሴራሚክ ነው። ሊረዱኝ አልፈለጉም? ቡና አቅርበው? የሚያውቁ መሆናቸውን እኔ እንደማውቅም ያውቃሉ። እንግዲህ ያስቀሩት ነገር ቢነገር ልጁን የሚጎዳ ነው። ጭንቅላቴ ይህን ሁሉ ያሰላው ስኒውን አንስቼ እስክጠጣ ባለው ጊዜ ነው።

ኋላ እጄን ልታጠብ ገባሁ። ውሃው ወደ ማፍሰሻው በመሄድ ፋንታ ወደ በሩ ይፈሳል። በሩ ሥር አሮጌ ፎጣ ተወትፏል።

አንድ ነገር ብቻ ብትቀይሩ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። ልጁ እትዬ ቤት ሠርቶ ባያውቅና በመንገድ ብቻ የሚያውቁት ቢሆን፣ ያው «ጨዋ ልጅ ነው» ምንም ክፉ ነገር አይደብቅም። የሚያውቁትን ነገሩኝ፣ አለቀ። ስለዚህ ሰው ያልተናገረውን ከመተርጎሜ በፊት ነገሩን የማወቅ ዕድል ነበረው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሰው ዝም ያለው ስለማያውቅ ሆኖ ሳለ እኛ ወንጀል እንፈልግበታለን።

አሁን ወደ ሰምና ወርቁ። «አባይ» የሚለው ቃል ወንዙም ነው፣ ዋሾም ነው። ባለቅኔው በዚህ ተጫውቶ ወርቁን ይደብቃል። ቃሉን አንስታችሁ «ግዮን» ብትተኩበት ወንዙ እዚያው አለ፣ ወርቁ ግን ጠፋ። የእትዬን ንግግር ደግሞ እንደፈለጋችሁ ቀይሩት። «ሥነ ሥርዓት ያለው ነው» ይበሉ፣ «አስተዳደጉ ጥሩ ነው» ይበሉ። እኔ የምረዳው ያው ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱ ቃሉ ውስጥ አልተቀመጠም። ያንን ነገር፣ ለዚያ ጥያቄ፣ በዚያ ሰዓት ከመናገራቸው የመጣ ነው።

ሌላም መለያ አለው፦ ሊሻር ይችላል። እትዬ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራውም አንደኛ ነው» ቢሉ ንግግራቸው አይጋጭም። «ጨዋ ነው፣ ግን ጨዋ አይደለም» ቢሉ ግን ጤናቸውን እጠራጠር ነበር። የተባለ ነገር አይሻርም፣ የተጠቆመ ይሻራል። ሰፈር ውስጥ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ልጁ ሰምቶ ቢመጣ «እኔ ጨዋ ነው ነው ያልኩት» ይሉታል። እውነታቸውን ነው።

ይህ ሁሉ በየአገሩ አንድ ዓይነት አይሠራም። ኤሊኖር ኦክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ማዳጋስካር ባሳተመችው ጽሑፍ፣ አንዱ «እናትህ የት ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ወይ ቤት ናት ወይ ገበያ» ቢል እዚያ ያሉ ሰዎች «የት እንዳለች አያውቅም» ብለው እንደማይደመድሙ አሳየች። እዚያ አዲስ ወሬ በቀላሉ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ሙሉ መልስም አይጠበቅም። እኛም ከቤት ስንወጣ «ወዴት ነው?» ስንባል «እዚህ ደርሼ ልምጣ» እንላለን። ምን ደበቀች የሚል የለም። ሰላምታ ነዋ።

ሥራ ላይ የምቸገረው በዚሁ ነው። ሐኪሙ «ሕመሙ እንዴት ነው?» ይላል፤ ታማሚዋ እናት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። እሱ «ተሽሏቸዋል» ብሎ ሊጽፍ ነው። እኔ ከራሴ መጨመር አልችልም። የምችለው፣ አባባሉ ሰው ባይሻለውም የሚባል ስለሆነ ጥያቄውን በድጋሚ ቢያብራራው ማለት ብቻ ነው። «ሌሊት ያስተኛዎታል?» ሲላቸው ያኔ ጉዱ ይወጣል።

ባለፈው አራት ኪሎ ከአክስቴ ልጅ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። በወሬ መሃል «አከራያችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሩ ብሎናል» አለ። ከጨዋታችን ጋር የማይገናኝ ነገር ነበር፤ መልእክቱም እዚያው ላይ ነው። «ስንት ጨመረ?» ብል በሩን ከፈትኩ ማለት ነው፤ መጠኑን የሚጠይቅ ሊሰጥ ያሰበ ነው። «እዚያም እኮ የቤት ኪራይ ጉድ ሆኗል» አልኩት። «እሱስ ልክ ነሽ» አለና ወደ ኳስ ተሻገረ። የጠየቀም የለም፣ የከለከለም የለም። ሒሳቡንም ተሻምተን እሱ ከፈለ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ አላቆመችም።

«የዚያን ዕለት ኤርፖርት ሊቀበልሽ ከሥራ ቀርቶ ነው የመጣው» አለች።

ስልኬን አንስቼ ቴሌብር ከፈትኩ።