ስላይዱ ላይ 4 ለ 1 ይል ነበር

በወር የሚከፈልበት ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ዳታ ላይ ስሠራ ነው ይሄ የሆነው። የሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ የማርኬቲንግ ኃላፊው አንድ ስላይድ ከፈተ። መሃሉ ላይ በትልቁ "4 ለ 1" ይላል። አንድ ደንበኛ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጥሎን እስኪሄድ 800 ያስገባልናል፣ እሱን ለማምጣት ያወጣነው ግን 200 ነው። ስለዚህ የማስታወቂያ በጀቱ ሦስት እጥፍ ይሁንልኝ ነው ጥያቄው። (የገንዘቡን ዓይነት ትቼዋለሁ፣ ቁጥሮቹንም ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።)

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ 3 ለ 1 የምትባለዋን መለኪያ ያውቃታል። በሰፊው ያስለመዳት ዴቪድ ስኮክ የሚባል የስታርትአፕ ኢንቨስተር ነው። ኤልቲቪ፣ ማለትም ደንበኛው በቆይታው ሁሉ የሚያስገኘው፣ ካክ ከሚባለው የማምጫ ወጪ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይብለጥ ትላለች። ግን ሌላም ነገር ትላለች፤ ለማምጫ የወጣው ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለስ። ይህቺኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ስላይዱ ላይም አልነበረችም።

የፋይናንስ ኃላፊዋ በጀቱን ከመፈረሟ በፊት "800ው ከየት መጣ?" አለች።

"ደንበኛው በወር 20 ይከፍላል" አላት። "በየወሩ ከደንበኞቻችን 2.5 በመቶው ይለቃሉ። 1ን ለ0.025 ስታካፍዪው 40 ወር ይመጣል። 20 ሲባዛ በ40፣ 800።"

"20ው እኮ ሽያጭ ነው። እኛ ጋ የሚቀረው ስንት ነው?"

ለሰርቨር፣ ለክፍያ አስተላላፊው ኮሚሽን እና ለደንበኛ ድጋፍ 6 ይሄዳል። የሚቀረው 14 ነው። 800 የተባለው ወዲያው 560 ሆነ። ከዚያ ወደ 200ው ዞረች። በወር ለማስታወቂያ 100,000 ይወጣል፣ 500 ደንበኛ ይመጣል፣ ሲካፈል 200። ማስታወቂያ አይተው የተመዘገቡትን እየደወሉ የሚያግባቡት ሠራተኞች ደመወዝና ኮሚሽን ግን የለበትም። እሱ ሌላ 50,000 ነው። ሲደመር ካኩ 300 ሆነ፣ ሬሾውም ከ2 በታች ወረደ።

እዚህ ድረስ ያለው የታወቀ ነገር ነው። ሽያጭን እንደ ትርፍ መቁጠርና ደመወዝን መርሳት ብዙ ቦታ አለ። ዋናው ነገር የመጣው እኔን ስትጠይቀኝ ነው። "እነዚህ 500 ሰዎች ከየት ነው የመጡት?"

ሲስተሙ ላይ የምዝገባ ምንጭ ስለሚያዝ ከፍቼ አየሁት። 200ዎቹ ማስታወቂያ ተጭነው የገቡ ናቸው። 300ዎቹ ወይ ሰው ነግሯቸው፣ ወይ ስማችንን ራሳቸው ፈልገው የመጡ። የለቀቁትንም በዚያው መንገድ ከፈልኳቸው። በጠቅላላው 8,000 ደንበኛ አለን፣ በወር 200 ይለቃሉ፣ እውነትም 2.5 በመቶ ነው። ግን ከ8,000ው ውስጥ በማስታወቂያ የመጡት 2,000 ብቻ ሆነው ሳለ ከሚለቁት 200 ሰዎች 100ው ከነሱ ናቸው። ይሄ 5 በመቶ ነው፣ 20 ወር ዕድሜ ማለት ነው። የተቀሩት 6,000 ደግሞ እንደነሱ 100 ሰው ብቻ ነው የሚያጡት፣ በቀመሩ ሲሰላ 60 ወር ይቆያሉ።

አሁን ለየብቻ ይሰላ። በማስታወቂያ የመጣ ደንበኛ 14 በ20፣ 280 ያስገኛል። 150,000ው የወጣው ለነዚህ 200 ሰዎች ስለሆነ የአንዱ ማምጫ 750 ነው። 280 ለማግኘት 750! በወር 14 እየመለሰ 750ው እንዲመለስ ከ53 ወር በላይ ይፈጃል፣ ሰውየው ግን በ20 ወሩ ሄዷል። በራሱ የመጣው ደንበኛ 840 ያስገኛል፣ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። 4 ለ 1 የተባለው የእነዚህ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ባጭሩ አንድ ደህና ንግድና አንድ የሚደማ ንግድ በአንድ ቁጥር ተሸፍነው ነበር፤ በጀቱ በሦስት እጥፍ ይደግ የተባለው ደግሞ የሚደማው ነው።

የማርኬቲንግ ኃላፊው ዝም ብሎ አልተቀበለም፣ እውነቱንም ነው። "ስማችንን ፈልገው ከመጡት ውስጥ ማስታወቂያውን አይተው የመጡ የሉም?" አለ። ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የምዝገባ ምንጭ የመጨረሻዋን ክሊክ እንጂ ከሷ በፊት የነበረውን አያሳይም። ስለዚህ ፈተነው። ከምንሠራባቸው አካባቢዎች በግማሾቹ ማስታወቂያውን ለጊዜው አጠፋን፣ በግማሾቹ እንደነበረ ተውነው። ባጠፋንበት በራሳቸው የሚመጡት በአንድ አሥረኛ ገደማ ቀነሱ። እንግዲያው ከ300ው 30ውን ማስታወቂያው ነው ያመጣቸው ብለን ሰጠነው። 30 ሰው በ840፣ 200 ሰው በ280፣ ሲደመር 81,200። የወጣው 150,000። ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም የወጣውን አይመልስም።

ለምን ይለቃሉ የሚለውን ለማየት የሚሻለው አማካዩን ትቶ አብረው የገቡትን ሰዎች ወር በወር መከተል ነው። በማስታወቂያ ከገቡ 100 ሰዎች በሦስተኛው ወር 94ቱ አሉ። በአራተኛው ወር 70 ናቸው። ከዚያ በኋላ የቀሪዎቹ ቁጥር መስመር ጋደም ይላል፣ በራሳቸው ከመጡት ብዙም አይለይም። አራተኛው ወር ላይ ምን አለ? ማስታወቂያው የሚያቀርበው ቅናሽ ለሦስት ወር ነው። በአራተኛው ወር ሙሉው ሒሳብ ሲቆረጥባቸው ጥለው ሄዱ። (ቅናሹ ራሱ ከገቢው መቀነስ ነበረበት፤ ያንንም ማንም አልቆጠረውም ነበር።) ማለትም ማስታወቂያው ብቻውን አይደለም መጥፎ ደንበኛ ያመጣው፣ ቅናሹ ነው ለቅናሽ የሚመጣውን ሰው የጠራው።

በጀቱ አልጨመረም። ቅናሹ ቀረ፤ ለማንም የሚታየው ማስታወቂያም ቆመ፣ የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር እየፈለገ ላለ ሰው የሚታየው ብቻ ቀጠለ። ከሽያጭ ሠራተኞቹም አብዛኞቹ አዲስ ደንበኛ ማለማመድ ላይ ተመደቡ። በማስታወቂያ የሚመጣው ከ200 ወደ 110 ወረደ፣ ጠቅላላ ወጪው ግን ወደ 40,000። የአንድ ሰው ማምጫ 364 አካባቢ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ የሚለቀው 2 በመቶ ስለነበር በቀመሩ 50 ወር፣ 700። ሬሾው ወደ 2 ተጠጋ።

የማርኬቲንግ ኃላፊው ደስ ብሎት አዲሱን ስላይድ ይዞ መጣ። በምንጭ በምንጭ ከፍሎታል፣ የመመለሻ ወሩንም ጽፏል፣ 26። ፋይናንሷ ግን 50 ወር የሚለውን ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ድርጅቱ ከተከፈተ ገና አራት ዓመት ነው፣ 48 ወር። 50 ወር የቆየ ደንበኛ ሊኖረን አይችልም፤ 60ውማ ጭራሽ። ከ36 ወር በኋላ የሚመጣውን ገቢ አልቆጥርም አለች። በየወሩ 2 በመቶው እየለቀቀ የሚቀረው ሰው በ36 ወር ውስጥ የሚያስገኘው ብቻ ሲደመር 700ው 362 ሆነ፣ ሬሾው ቁጭ አለ 1 ላይ።

"ጥሩውን ደንበኛ እየቀጣሽው ነው" አላት።

"50 ወር የቆየ አምጣልኝና እቆጥርልሃለሁ።"

ማስታወቂያው በዚያው መጠን ቀጠለ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ያለ ቅናሽ የገቡት ሰዎች አንድ ዓመት ሲሞላቸው መስመራቸው እንደገና ይታያል ተባለ፤ ያንን ሠንጠረዥ በየወሩ ማውጣት የኔ ሥራ ሆነ።